«ቀይሬዋለሁ» ያለው መልእክት፦ የአንድ ምስጋና እርማት ከጎንደር

ጉዳዩ የሆነው ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የጤና ጣቢያውን ስም አልጽፍም፤ የሰዎቹንም እንዲሁ። ሁሉንም በሥራቸው እጠራቸዋለሁ። እኔ እዚያ አስተዳደር ክፍል ነኝ። ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤው፣ ሪፖርቱ በእኔ እጅ ያልፋል። ይህም መልእክት እኔ ጋ የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

የጻፈው የካርድ ክፍሉ አስተባባሪ ነው። ወጣት ነው፤ የተማረው የጤና መረጃ ሙያ ነው፤ ጎበዝ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምለው መልእክቱን ሲያነቡ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው» ማለት ስለሚቀል ነው። አንድ ሰኞ ማታ በሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦

«ውድ ባልደረቦቼ፣ ለዓመታት የተገልጋይ ምሬት ምንጭ ሆኖ የቆየውን የካርድ ክፍል በአዲስ አሠራር ሙሉ በሙሉ ቀይሬዋለሁ። ካርዶቹን በቀለም ለይቼ በአዲስ መደርደሪያ አደራጅቻለሁ። ጠፍተው የነበሩ ካርዶችን ፈልጌ አግኝቻለሁ። ወረፋውን አስተካክዬ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረውን የመጠበቂያ ጊዜ ወደ 15 ደቂቃ አውርጃለሁ። በዚህ ሥራ ከጎኔ ለነበሩ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳቸው።»

ኃላፊው አውራ ጣት ሰጠው። ሁለት ሦስት ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ግሩፑ ዝም አለ። በማግሥቱ ጠዋት ካርድ ክፍል ስገባ አንዷ ሠራተኛ ካርድ እየመዘዘች፣ ማንንም ሳታይ፣ «እኛ የት ነበርን ታዲያ? ለቅሶ ቤት?» አለች። ሌላዋ ሳቀች። አስተባባሪው አልሳቀም። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ? መጨረሻ ላይ አመስግኛለሁ እኮ።»

እውነቱን ነው፣ አመስግኗል። ግን ከላይ አራት ዓረፍተ ነገር ሙሉ «እኔ፣ እኔ፣ እኔ» ብሎ፣ ከታች «ከጎኔ ለነበሩ» ሲል ሌሎቹ ሠራተኞች መሆናቸው ቀርቶ ተመልካች ሆኑ። አጠገቡ ቆመው ሲሠራ ያዩት ይመስላል።

ሥራው ምን እንደነበር ላስረዳ፤ ያለዚያ የማን ድርሻ የቱ እንደሆነ አይገባም።

ድሮ ካርዶቹ የሚቀመጡት በቁጥር ተራ ነበር፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል። ችግሩ አዳዲሶቹ ቁጥሮች ሁሉ መጨረሻው መደርደሪያ ላይ ይከማቻሉ። አዘውትሮ የሚመጣውም በአብዛኛው ቅርብ ጊዜ ካርድ ያወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ሦስቱም ሠራተኞች አንድ ጥግ ላይ ይጋፋሉ፤ የቀረው ክፍል ባዶ ነው። በዚያ ላይ አንድ ካርድ አለቦታው ከገባ የሚያስታውቅ ነገር የለውም፤ ሁሉም ቡናማ ፎልደር ነው። ካርዱ ካልተገኘ ደግሞ ለታካሚው አዲስ ይወጣለታል። እንዲህ እየሆነ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ካርድ ይኖረዋል፤ የደም ግፊቱ ታሪክ በአንዱ፣ የላብራቶሪ ውጤቱ በሌላው።

አዲሱ አሠራር በመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች መደርደር ነው። የካርድ ቁጥሩ 045238 ከሆነ የሚሄደው 38 የሚል ቦታ ላይ ነው። መቶ ቦታ አለ፣ ከ00 እስከ 99። አዲስ ካርድ በመቶው ቦታ እኩል ይበተናል፤ መጋፋት ቀረ። ከሁለቱ አኃዞች ለመጀመሪያው ደግሞ ቀለም ተሰጠው፤ 30ዎቹ ሁሉ አረንጓዴ ከሆኑ፣ መሃላቸው የገባ ቀይ ከበር ላይ ሆኖ ይታያል። ካርድ ሲወጣ በቦታው ወደ የትኛው ክፍል እንደ ሄደ የሚገልጽ መከታተያ ካርድ ይገባል። ሥራው ይኸው ነው። ወራት ፈጅቷል፤ የእሑድ ቀናትም አልቀሩ።

አስተባባሪውን አንድ ወረቀት ሰጥቼ የመልእክቱን ግሦች ብቻ እንዲጽፍ ጠየቅሁት። ቀየርኩ። በቀለም ለየሁ። አደራጀሁ። ፈልጌ አገኘሁ። ወረፋ አስተካከልኩ። አወረድኩ። ስድስት ሆኑ። ከዚያ በእያንዳንዱ ፊት ለፊት በእጁ የሠራውን ሰው ስም ይጻፍ አልኩት። የታዘዘውን፣ የተፈቀደውን፣ የታሰበውን ሳይሆን፣ በእጅ የተሠራውን። ሐሳብና ትእዛዝ በኋላ ይመጣል።

ለምን በግሥ ጀመርን? አማርኛ ግሡ ላይ ሠሪውን ይለጥፋል። «አደራጀሁ» ካልክ «እኔ» የሚለውን ባትጽፈውም ተጽፏል። እንዲህ ዓይነት መልእክት የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ አይዋሽም፤ ግሡ ይጎትተዋል። «አደራጀሁ» ብሎ ሲጀምር የሚቀጥለውም በዚያው ቤት ይመታል። ስለዚህ ማስተካከያው ከታች አንድ የምስጋና መስመር በመጨመር አይመጣም። ግሡን ለባለቤቱ መመለስ ነው።

«ወረፋ አስተካከልኩ» የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ወረፋውን ያስተካከለው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ ከካርቶን ተቆርጦ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ለመጣው ሁሉ በየተራ ያድላል። ከዚያ በፊት ሰው መስኮቱ ላይ ይደረብ ነበር፤ ጉልበት ያለው ይቀድማል፤ ልጅ ያዘለችው ከኋላ ትቀራለች። አስተባባሪው ሐሳቡን እንኳ አልሰጠም። የጥበቃ ሠራተኛው ባንክ ቤት አይቶት ነው ያመጣው። «ይሄንስ እኔ አላልኩትም ነበር» አለ አስተባባሪው፣ ለራሱ ያህል። ብሎታል። በጽሑፍ።

«በቀለም ለየሁ» ከሁሉም የከበደው እሱ ነበር። በኮሌጅ የተማረው ስለሆነ የራሱ መስሎታል። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ግን አንዲት አንጋፋ ሠራተኛ አሉ፤ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። እሳቸው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ያላቸውን ሰዎች ካርድ በክር ያስሩ ነበር። ከነጠላ ጥለት የተረፈ ክር ነው። ቀይ ለስኳር፣ ሰማያዊ ለግፊት። እነዚህ ታካሚዎች በየወሩ ስለሚመጡ ካርዳቸው ቶሎ እንዲገኝ ብለው ነው። ማንም አላዘዛቸውም። አስተባባሪው እዚያ እንደ ተመደበ ሰሞን ይህን ክር አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቋል። ከዚያ በኋላ ነው የቀለሙ ነገር ከትምህርቱ ላይ ትዝ ያለው።

እንግዲህ ሐሳቡ የማን ነው? እዚህ ላይ ተከራክረናል። እሱ «የመጨረሻ አኃዝ አደራደር በክር የሚመጣ ነገር አይደለም» አለ። ልክ ነው። እትዬ የመቶ ቦታ ክፍፍል አላሰቡም። እኔም «ክሩን ባታይ ቀለም ከመጽሐፍህ ይወጣ ነበር?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እሱን እንጃ» አለ። የተስማማነው ሁለቱን ለይቶ መጻፍ ላይ ነው፦ ቀለም በዓይን ካርድ ለማግኘት የሚለው ከእሳቸው፣ በመጨረሻ አኃዝ መደርደርና ቀለሙን ከአኃዙ ጋር ማገናኘት ከእሱ። «የጋራ ሐሳብ» ብሎ ማለፍ ይቀል ነበር። ግን ያ ሁለቱንም ይበድላል። የእሳቸውን ዓመታት ያሳንሳል፤ የእሱንም ትምህርት።

«ፈልጌ አገኘሁ» ደግሞ ቀላል ነበር። ጠፉ የተባሉት ካርዶች አብዛኞቹ አልጠፉም፤ ምርመራ ክፍል መሳቢያ ውስጥ፣ ላብራቶሪ መስኮት ሥር፣ እናቶችና ሕፃናት ክፍል ቁም ሣጥን ላይ ነበሩ። እየዞሩ የሰበሰቡት ለተግባር ልምምድ የመጡ አምስት ተማሪዎች ናቸው። ድርብ ካርዶቹን አመሳክረው ያዋሐዱት እትዬና ሁለቱ የካርድ ክፍሉ ሠራተኞች ናቸው። ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ እያነጻጸሩ። ይህ ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሁለት ሰው ታሪክ በስሕተት ቢቀላቀል መድኃኒት ያሳስታል።

ወረቀቱ ሲያልቅ ከስድስቱ ግሦች የአስተባባሪው ስም ብቻውን የቀረበት አንድም አልነበረም። ልጁ ደነገጠ። እዚህ ላይ ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ እንዳይሄድ ያዝኩት። ዕቅዱን ያወጣው እሱ ነው። ሥልጠናውን የሰጠው፣ የመቶውን ቦታ ካርታ የሠራው፣ ማን መቼ ምን እንደሚያዛውር የመደበው፣ መደርደሪያ ያስፈልጋል ብሎ ኃላፊውን የጨቀጨቀው እሱ ነው። እነዚህ ግሦች በመጀመሪያው መልእክት ውስጥ አንዳቸውም የሉም! የሌላውን ሥራ ሲዘረዝር የራሱን እውነተኛ ሥራ ረስቶታል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ማስተባበር ሲጻፍ አያምርም፤ «አደራጀሁ» ያምራል።

የመጀመሪያውን እርማት እሱ ራሱ ጽፎ አመጣ። ይኸውና፦

«የጤና ጣቢያችን አመራሮች ባደረጉት ያልተቆጠበ ድጋፍና ክትትል፣ በሁሉም ሠራተኞች የጋራ ርብርብ፣ የካርድ ክፍሉ ሥራ በአመርቂ ሁኔታ ተሻሽሏል። ካርዶች በቀለም ተለይተዋል፤ የጠፉ ካርዶች ተገኝተዋል፤ ወረፋ ተስተካክሏል። ለሁላችንም ምስጋና ይገባናል።»

ይህን ጽሑፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። በየስብሰባው የምንሰማው ነው። «እኔ» የሚለው ጠፍቷል፤ ግን የተመለሰ ነገር የለም። «ተለይተዋል፣ ተገኝተዋል፣ ተስተካክሏል» ማንም ሳይነካው በራሱ የሆነ ይመስላል። እንዲያውም የባሰ አለበት። «ሁሉም ሠራተኞች» ሲል አንድ ካርድ ያላነሣውም ገባ፤ እሑድ ሙሉ አቧራ ሲውጥ የዋለውና «እስቲ ምን እየሠራችሁ ነው» ብሎ በበሩ ያለፈው እኩል ሆኑ። አመራሩ ደግሞ መጀመሪያ መጣ። ኃላፊው በእርግጥ አንድ ነገር አድርጓል፤ ለብረት መደርደሪያው በጀት አግኝቷል። ያ በአንድ ግሥ ይጻፋል። «ያልተቆጠበ ድጋፍና ክትትል» የሚለው ግን እውነተኛውን ሥራውን ይሸፍንበታል።

ስለዚህ ሰዎቹን መጠየቅ ነበረብን። ምን ሠራችሁ? ስማችሁ ቢጻፍስ? ሁለተኛው ጥያቄ ለአስተባባሪው አልገባውም ነበር። «ማን ስሙ ሲመሰገን ይጠላል?» አለ። ጎንደር ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህን ሲል ገረመኝ።

እትዬ ገና ሳንጨርስ «ኧረ እኔ ምን ሠራሁ ልጄ? ክር ነው ያሰርኩት» አሉ። ይህን መልስ ይዞ መሄድ ስሕተት ነው። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ሥራውን በራሱ አፍ አይቆጥርም፤ ያሳፍራል። የሳቸውን ሥራ አጠገባቸው የምትሠራውን ነው የጠየቅናት። እሷ ሳትጠየቅም ቆጠረችው። እኛ ያላወቅነውን ጭምር፦ ማንበብ የማይችሉ ታካሚዎችን በመልካቸው አውቀው ካርዳቸውን ሳይጠየቁ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው።

የጥበቃ ሠራተኛው ሌላ ሥጋት ነበረው። «ስሜን ካነሣችሁ፣ ‹አንተ ካርቶን ስታድል በሩን ማን ጠበቀ?› ይሉኛል» አለ። ትክክል ነው። የሥራ መደቡ ላይ ቁጥር ማደል የሚል የለም። መልካም ነገር ሠርቶ በደብዳቤ መጠየቅ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አስተዳደር ክፍል የተቀመጠ ሰው ያውቃል። ስለዚህ ስሙን ከመጻፋችን በፊት ኃላፊው በአንድ አጭር ማስታወሻ ቁጥር ማደሉ የሥራው አካል መሆኑን እንዲያጸድቅ አደረግን። ከዚያ ጻፍነው። ማስታወሻው እንቢ ቢባል ኖሮ «የበር አገልግሎቱ» ብለን፣ ያለ ስም፣ እንጽፈው ነበር።

የጽዳት ሠራተኛዋ በኤጀንሲ የተቀጠረች ናት። እሑድ እሑድ መጥታ ፎልደሮቹን ከአቧራ አራግፋለች፣ አሮጌውን መደርደሪያ ከወንዶቹ ጋር ተሸክማ አውጥታለች። «ስሜ ቢጻፍ ደስ ይለኛል» አለች፤ ቀጥላም «የእሑዱ አበል ግን እስካሁን አልተከፈለኝም» አለች። አስተባባሪው ምስጋናው ላይ አንድ ሞቅ ያለ ዓረፍተ ነገር ሊጨምርላት ፈለገ። አይሆንም አልኩት። ላልተከፈለ ሥራ የሚሰጥ ሞቅ ያለ ምስጋና ሽንገላ ነው። እንደ ሌሎቹ ሥራዋ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ አበሉ በሌላ ደብዳቤ ይጠየቃል። ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩት። መልእክቱ የወጣው ደብዳቤው ከተፈረመ በኋላ ነው።

መደርደሪያውን የበየደው ባለሙያስ? እሱ በውል ሠርቶ ተከፍሎታል፤ የቡድኑ አባል አይደለም። ተውነው። ሌላ ሰው እዚህ ላይ ከእኔ ቢለይ አልጣላም።

የቀረችው ሲስተር ናት፤ የመለያ ክፍሏ ነርስ። መጀመሪያ ላይ ቀዝቀዝ ያለችው እሷ ነበረች። ስሟን ስለዘለለ መስሎን ነበር። የመጠበቂያውን ጊዜ የለካችው እሷ ናት፤ ታካሚው በር ላይ ቁጥር ሲቀበል ሰዓቱ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱ እሷ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ደግማ ትጽፋለች። ልዩነቱ የመጠበቂያ ጊዜው ነው። አስተባባሪው ይቅርታ ሊጠይቃት ሲጀምር አቋረጠችው።

«ስሜ ይቅር። ቁጥሩን አስተካክልልኝ።»

15 ደቂቃው የሐሙስ ነው። ሐሙስ ደግሞ እኛ ጋ ሰው ይሳሳል። ሰኞ የሳምንቱ የተጠራቀመው ሁሉ ይመጣል፤ ከገጠር የሚመጣውም ይጨመራል። ሲስተር ሰኞም ለክታ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የወጣላት። ሁለቱንም ቁጥር ሰጥታዋለች። እሱ ያማረውን መርጦ ለጠፈ። እሷን ያስቀየማት ይህ ነው፤ ነገ አንድ ታካሚ «15 ደቂቃ አላችሁ» ብሎ ቢከራከር የሚያፋጥጠው እሷን ነው። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ይህ ነው የከበደኝ። የለካውን ሰው ስትዘል፣ ልኬቱ እስከ የት እንደሚሠራ የሚያውቀውንም ሰው ዘለልከው። ቁጥሩ ያለ ባለቤቱ ሲሄድ ያብጣል።

ይህን ሁሉ ይዘን የጻፍነው መልእክት ይህ ነው። ዋናው ላይ ሙሉ ስምና ማዕረግ አለ፤ እዚህ በሥራቸው ተክቻለሁ፦

«ባልደረቦቼ፣ ሰኞ ማታ ስለ ካርድ ክፍሉ የጻፍኩት የብዙ ሰው ሥራ በእኔ ስም ያስቀመጠ ነበር፤ ይቅርታ። ትክክለኛው ይህ ነው።

ካርድን በቀለም መለየት እዚህ ቤት የጀመሩት እትዬ ናቸው፤ የክትትል ታካሚዎችን ካርድ በባለ ቀለም ክር በማሰር። እኔ ቀለሙን ከመጨረሻ አኃዝ አደራደር ጋር አገናኝቼ ዕቅዱን አወጣሁ፣ ሥልጠና ሰጠሁ፣ ዝውውሩን አስተባበርኩ። ካርዶቹን አንድ በአንድ ያዛወሩትና ድርብ ካርዶችን ያዋሐዱት እትዬና ሁለቱ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ናቸው። በየክፍሉ የቀሩ ካርዶችን ሰብስበው የመለሱት አምስቱ የልምምድ ተማሪዎች ናቸው። ክፍሉን አጽድታ ለሥራ ያዘጋጀችልን የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። በር ላይ በቁጥር የማስተናገዱን ሐሳብ ያመጣውም፣ በየቀኑ የሚያስፈጽመውም የጥበቃ ባልደረባችን ነው። የመደርደሪያውን በጀት ያስፈቀደልን ኃላፊያችን ነው።

የመጠበቂያ ጊዜውን የለካችው ሲስተር ናት። ሐሙስ 15 ደቂቃ ገደማ፣ ሰኞ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የሰኞው ገና ሥራ ይቀረዋል። የረሳሁት ሰው ካለ እዚሁ ጻፉልኝ።»

ጥቂት ነገር ላስረዳ። ይቅርታው አንድ ቃል ነው። እሱ አንድ አንቀጽ ሙሉ ጽፎ ነበር፤ «በጣም አዝኛለሁ፣ ማንንም ለማስቀየም አልነበረም» እያለ። ቆረጥኩት። ረጅም ይቅርታ መልእክቱን መልሶ ስለ እሱ ያደርገዋል፤ ሰውም እሱን ማጽናናት ይጀምራል። «እርዳታ» የሚል ቃልም የለም። «ረዱኝ» ሲባል ሥራው የአንዱ ሆኖ ሌላው የሚያግዝ ይሆናል። እትዬ አላገዙም፤ ሠሩ። ቅደም ተከተሉም በሥልጣን አይደለም፤ ሥራው በሄደበት መንገድ ነው። ከሐሳብ ተነሥቶ በር ላይ ደርሶ በልኬት ያልቃል። ኃላፊው ከመጨረሻው በፊት መምጣቱን አስተውሎ ይሆናል፤ ምንም አላለም።

ከዚያ የት ይለጠፍ የሚለው መጣ። አስተባባሪው የድሮውን ኤዲት አድርጎ በላዩ ሊጽፍበት አስቦ ነበር። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የራስህን መልእክት እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማረም ይፈቅዳል። ግን የታረመ መልእክት እንደ አዲስ መልእክት ለሰው አይጮህም፤ ሰኞ ያነበበው ሁሉ የሚያስታውሰው የሰኞውን ነው። ፎርዋርድ የተደረገውም ቅጂ አብሮ አይታረምም፤ ያ መልእክት ደግሞ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ግሩፕ እንደ ተላከ አውቀናል። በዚያ ላይ የታዘቡት ሰዎች ዝም ብሎ የተቀየረ ነገር ሲያዩ «አጠፋው» ይላሉ። ስለዚህ የድሮው ሳይነካ፣ አዲሱ ለእሱ ምላሽ ሆኖ ከሥሩ ወጣ። ፎርዋርድ ያደረጉትን ሁለት ሰዎች ደግሞ አዲሱን እንዲልኩ በግል ጠየቃቸው። አንደኛው ላከ።

መልስ መጣ። አንዱ የልምምድ ተማሪ የስሙ ፊደል መሳሳቱን ጻፈ፤ ታረመ። የላብራቶሪ ባለሙያው «መከታተያ ካርዱን ያተምኩት እኔ ነኝ» አለ። እውነት ነበር፤ ማናችንም አላስታወስነውም። «የረሳሁት ሰው ካለ» የምትለው መስመር ባትኖር ይህን በግሩፕ አይልም ነበር፤ ሻይ ቤት ነበር የሚለው። ሲስተር ምንም አልጻፈችም። ሰኞ ግን የልኬቱን ወረቀት ራሷ አምጥታ ሰጠችው።

ችግሩ በሪፖርቱ ነበር። ይኸው ጉዳይ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ወደ መምሪያ ይሄዳል። ኃላፊው መልእክቱን አይቶ «ይሄ ረዘመ፤ ሁለት መስመር አድርጉት» አለ። ፍትሐዊው መልእክት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ሁለት መስመር ሲሆን መጀመሪያ የሚወድቁት ሰዎች ናቸው፤ ቅጽሎቹ ግን ይቀራሉ። ገልብጠን ቆረጥነው። ስሞቹን ወደ ሥራ ክፍል ጠቀለልን፤ ስም ዝርዝሩ በአባሪ ሄደ፤ «አመርቂ» እና «ከፍተኛ» የሚሉት ወጡ። የተላከው ይህ ነው፦

«የካርድ ክፍል፣ የመለያ ክፍል፣ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ከልምምድ ተማሪዎች ጋር የታካሚ ካርዶችን በመጨረሻ አኃዝና በቀለም አደራጅተዋል፤ የመጠበቂያ ጊዜ ሐሙስ ወደ 15፣ ሰኞ ወደ 30 ደቂቃ ወርዷል። የሠራተኞች ዝርዝር በአባሪ ተያይዟል።»

በዚህ ውስጥ የአስተባባሪው ስም የለም፤ አባሪው ላይ «ዕቅድ፣ ሥልጠናና ማስተባበር» ተብሎ አለ። ይህ አልተዋጠለትም፤ አልፈርድበትም። የመጀመሪያውን መልእክት ለምን እንደዚያ እንደጻፈው ያኔ ነው የነገረኝ። የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ደርሷል። ፎርሙ «እርስዎ ምን ሠሩ?» ነው የሚለው። «ቡድንዎ ምን ሠራ?» የሚል ሣጥን የለውም። ነጥቡ ከደረጃ ዕድገት ጋር ይያያዛል። ግሩፑ ላይ የጻፈው በእርግጥ ለፎርሙ ያዘጋጀው ጽሑፍ ነበር፤ ገልብጦ ለጠፈው።

ለፎርሙ «እኔ» ማለት ነውር የለበትም፤ የተጠየቀው እሱ ነውና። የራሱን ግሦች ብቻ ይዞ ይሙላ፤ የሰውን አይንካ። አብረን ቁጭ ብለን ሞላነው፦

«የካርድ ክፍሉን ወደ መጨረሻ አኃዝ አደራደር ለማዛወር ዕቅድና የቦታ ካርታ አዘጋጅቻለሁ። ለካርድ ክፍል ሠራተኞችና ለልምምድ ተማሪዎች ሥልጠና ሰጥቻለሁ። ዝውውሩን መርሐ ግብር አውጥቼ አስተባብሬያለሁ። ሠራተኛው ሲጠቀምበት የነበረውን የቀለም ምልክት ወደ መደበኛ አሠራር አሳድጌያለሁ።»

አራት ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም «እኔ»፣ ሁሉም እውነት። ኃላፊው ፈረመበት። የልምምድ ተማሪዎቹም ለትምህርት ቤታቸው የሚሆን ደብዳቤ ጠይቀው ስለነበር፣ ከቴሌግራሙ መልእክት ስለ እነሱ የሚለውን መስመር ወስጄ በማኅተም ጻፍኩላቸው።